ጌይን መጨመር ሲስተሙን አያረጋጋም፦ ስለ ራይዝ ታይም፣ ኦቨርሹትና ሴትሊንግ ታይም የተሰጠ ምላሽ

«የሁለተኛ ደረጃ ሲስተም ስሌት ሦስት ቀመር ነው። ζ እና ωn ካላችሁ ሌላ ምንም አያስፈልጋችሁም። ሦስቱን ሸምድዱና ገላገሉ።»

ምላሽ የምሰጥበት ጽሑፍ የሚጀምረው በዚህ ነው። በመነሻ ሐሳቡ ላይ ብዙ ጠብ የለኝም። ንጹህ አንደርዳምፕድ ሲስተም በእርግጥም በዳምፒንግ ሬሾውና በናቹራል ፍሪኩዌንሲው ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። ችግሩ ያለው ጸሐፊው ቀመሮቹን ባስቀመጡበት መንገድና ከቀመሮቹ ባወጡት ምክር ላይ ነው። አንዳንዱ ስህተት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለተወሰነ ζ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ለሁሉም ተብሎ ተጽፏል።

በየነጥቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። እስከ መጨረሻው ከእሱ ብዙ አንርቅም። የሞተር ዘንግን ወደምንፈልገው አንግል የሚያዞር ሰርቮ እንውሰድ። ሞተሩና ድራይቨሩ አንድ ላይ K/(s(s+8)) ናቸው እንበል። K የምናስተካክለው ጌይን ነው። አንግሉን ለክተን በቀጥታ ወደ መግቢያው ስንመልሰው የተዘጋው ሉፕ ይህን ይመስላል፦

```
T(s) = K / (s² + 8s + K)
```

ይህን ከመደበኛው ቅርጽ ማለትም ከ ωn²/(s² + 2ζωn·s + ωn²) ጋር ጎን ለጎን አድርገን እንየው። ωn² = K ነው፤ 2ζωn ደግሞ 8 ነው። K = 100 ብናደርግ ωn = 10 ራዲያን በሰከንድ፣ ζ = 0.4 ይሆናሉ። አንድ አሃድ ስቴፕ ስንሰጠው የሚወጣው መልስ ይኸውና፦

```
y(t) = 1 − exp(−ζωn·t) · sin(ωd·t + φ) / √(1 − ζ²)
ωd = ωn·√(1 − ζ²)
φ  = arccos ζ
```

በእኛ ምሳሌ ωd = 9.165፣ φ = 1.159 ራዲያን ነው። አሁን ወደ ጽሑፉ እንሂድ።

«ωn በጨመረ ቁጥር ኦቨርሹቱም ይጨምራል። ፈጣን ሲስተም ዒላማውን አልፎ መሄዱ አይቀርም።»

አይደለም። ኦቨርሹት ωnን ጨርሶ አያውቀውም። ይህን ለማየት ሁለት መስመር ስሌት ይበቃል። መልሱ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። y(t)ን ብንወስድና ዴሪቬቲቩን ብናወጣ ከ sin(ωd·t) ጋር የሚባዛ ነገር እናገኛለን። ይህ ከመነሻው በኋላ መጀመሪያ ዜሮ የሚሆነው t = π/ωd ላይ ነው። ይህን ጊዜ ወደ exp(−ζωn·t) ስናስገባው በላይ ያለው ωn በታች ካለው ωn ጋር ይጣፋል። የሚቀረው ይህ ብቻ ነው፦

```
Mp = exp(−πζ / √(1 − ζ²))
```

በ ζ = 0.4 ይህ 0.254 ነው፤ ማለትም 25.4 በመቶ። ጫፉ የሚመጣው በ 0.343 ሰከንድ ነው። ζን ሳንነካ ωnን ወደ 20 ብናሳድገው ጫፉ በ 0.171 ሰከንድ ይመጣል፤ ቁመቱ ግን ያው 25.4 በመቶ ነው። ωn ጊዜውን ይጨምቃል ወይም ይዘረጋል እንጂ የመልሱን ቅርጽ አይነካም።

ጸሐፊው ይህን ከየት አመጡት? ግምቴ ከሲሙሌሽን ነው። ከላይ ያስቀመጥነው ዓይነት ሰርቮ ላይ Kን ከፍ ስናደርግ ωn ይጨምራል፤ ኦቨርሹቱም አብሮ ይጨምራል። ስክሪኑ ላይ ያዩት እውነት ነው። ግን ጥፋተኛው ωn አይደለም። Kን ስንጨምር 2ζωn ከ 8 ስለማይንቀሳቀስ ωn ባደገ ቁጥር ζ ይቀንሳል። ኦቨርሹቱን የጨመረው የζ መውረድ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ አራተኛው ነጥብ ላይ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ኦቨርሹት በζ ላይ ብቻ መንጠልጠሉ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከግራፍ ላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስችላል። ጫፉ 25.4 በመቶ አልፎ ከሄደ የ 0.254ን ናቹራል ሎጋሪዝም እንወስዳለን፤ −1.371 ይወጣል። ከዚያ ζ = 1.371/√(π² + 1.371²) = 0.4። እዚህ ጋ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ከግራፉ ላይ በጫፉ ጊዜ የምናገኘው ድግግሞሽ ωd ነው፤ ωn አይደለም። π/0.343 ወደ 9.16 ይሰጠናል። ωnን ለማግኘት በ √(1 − 0.16) ማለትም በ 0.917 ማካፈል አለብን። ζ ትንሽ ሲሆን ልዩነቱ አይታይም፤ 0.7 ላይ ግን ωd ከ ωn ወደ 29 በመቶ ገደማ ያንሳል።

«ራይዝ ታይም 1.8/ωn ነው። ζ ቀመሩ ውስጥ ስለሌለ አያሳስብም።»

ζ ቀመሩ ውስጥ የሌለው ስለማያሳስብ አይደለም። ቀመሩን ያዘጋጀው ሰው ζን በመካከለኛ ዋጋ ላይ ስላሰረው ነው። 1.8 ጥሩ የሚሆነው ζ ከ 0.55 እስከ 0.6 አካባቢ ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ራይዝ ታይም ስንል የትኛውን እንደሆነ እንለይ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከ 0 እስከ 100 በመቶ የሚለካው ነው፤ ይህ ለአንደርዳምፕድ ሲስተም ንጹህ ቀመር አለው፤ (π − φ)/ωd። በእኛ ምሳሌ (3.142 − 1.159)/9.165 = 0.216 ሰከንድ ይሆናል። ሁለተኛው ከ 10 እስከ 90 በመቶ የሚለካው ነው። ይህኛው ንጹህ ቀመር የለውም፤ በቁጥር ነው የሚፈታው። 1.8/ωn የዚህኛው ግምት ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አደባልቀው ነው የሄዱት። በመጀመሪያው ሥዕላቸው ላይ ራይዝ ታይሙን መልሱ 1ን እስኪነካ ድረስ ስለው፣ ስሌቱን ግን በ 1.8/ωn ሠርተውታል።

አሁን ምሳሌያችንን በትክክል እንፍታው። y(t) 0.1ን የሚያልፈው በ 0.048 ሰከንድ ነው። 0.9ን የሚያልፈው በ 0.194 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 0.146 ሰከንድ ነው። 1.8/ωn ግን 0.18 ይሰጣል። ከ 20 በመቶ በላይ የሆነ ስህተት ነው። ያውም ζ = 0.4 እንግዳ ቁጥር አይደለም።

ζን የሚያስገባ ቀላል ቀመር ከተፈለገ አለ፤ (2.16ζ + 0.6)/ωn። በ 0.4 ላይ 0.146 ይሰጣል፤ በሦስት አሃዝ ድረስ አንድ ነው። ይህም ቢሆን ድንበር አለው። ζ ከ 0.3 እስከ 0.8 ባለው መካከል ነው የሚታመነው። ζ = 0.2 ላይ ትክክለኛው ራይዝ ታይም በ ωn ሲባዛ ወደ 1.2 ሲሆን ቀመሩ 1.03 ይላል። ከ 0.3 በታች ከወረዳችሁ በቁጥር ፍቱት።

በነገራችን ላይ የ (π − φ)/ωd ቀመር ላይ ብዙ ሰው የሚጠለፈው በካልኩሌተሩ ነው። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ከሆነ arccos 0.4 ሲጠየቅ 66.4 ይላል። ያን ከ 3.142 ስትቀንሱ ውጤቱ ኔጌቲቭ ይሆናል። ራይዝ ታይም ኔጌቲቭ ወጣ ማለት ፊዚክስ ተገለበጠ ማለት አይደለም፤ ካልኩሌተሩን ወደ ራዲያን መልሱት። ሌላው ተመሳሳይ ወጥመድ ωn በሄርዝ ሲሰጥ ነው። የእኛ 10 ራዲያን በሰከንድ 1.59 ሄርዝ ነው። 1.59ን እንዳለ ቀመሩ ውስጥ ያስገባ ሰው ጊዜዎቹ ሁሉ 6.28 እጥፍ ይረዝሙበታል። መልሱ ልክ በዚህ እጥፍ ከሳተ የት እንደተበላሸ ወዲያው ይታወቃል።

«ሴትሊንግ ታይም 4/(ζωn) ነው። እውነተኛው ከዚህ በላይ ስለማይወስድ ዲዛይናችሁ ሁሌም ከአደጋ ውጪ ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጽሑፉ በጣም አሳሳች ዓረፍተ ነገር ይህ ይመስለኛል።

4 ከየት እንደመጣ እንይ። ሞገዱን ከላይና ከታች የሚያቅፈው መስመር ማለትም ኤንቨሎፑ exp(−ζωn·t)/√(1 − ζ²) ነው። ይህ ወደ 0.02 ሲወርድ ሞገዱ ከ 2 በመቶ ክልል ሊወጣ አይችልም። የ 0.02 ናቹራል ሎጋሪዝም −3.912 ነው። ከታች ያለውን √(1 − ζ²) ረስተን 3.912ን ወደ 4 ስናጠጋጋው 4/(ζωn) ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር ተደርጓል። አንድ ነገር ተጥሏል፤ ሌላው ተጠጋግቷል። ζ ትንሽ ሲሆን ሁለቱ ይካካሳሉ። በ ζ = 0.4 የተጣለውን ብንመልሰው 3.999 ይሆናል፤ የሚገርም አጋጣሚ ነው። ζ ሲያድግ ግን አይካካሱም።

በ ζ = 0.7፣ ωn = 10 እንሞክረው። 4/(ζωn) = 0.571 ሰከንድ ይላል። እውነተኛው መልስ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ 2 በመቶ ክልል የሚገባው በ 0.598 ሰከንድ ነው። እውነተኛው ከቀመሩ በለጠ። ሁሌም ከአደጋ ውጪ የተባለው እዚህ ጋ ይወድቃል፤ ያውም ብዙ ሰው ለዲዛይን በሚመርጠው ζ ላይ። በእርግጥ ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ግን የሥራ ዝርዝሩ ላይ ከ 0.58 ሰከንድ አይበልጥም ተብሎ ከተጻፈ ቀመሩ አልፏል ሲል ማሽኑ ይወድቃል። ዋስትና ከተፈለገ የተጣለውን መመለስ ነው፦

```
ts ≤ −ln(0.02·√(1 − ζ²)) / (ζωn)
```

በ 0.7 ላይ ይህ 0.607 ይሰጣል። ሞገዱ ሁልጊዜ ከኤንቨሎፑ ውስጥ ስለሆነ ይህኛው በእውነትም አይታለፍም።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። ቀመሩ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያስፈራል። በ ζ = 0.4 ቀመሩ 1.0 ሰከንድ ይላል፤ እውነተኛው 0.841 ሰከንድ ነው። ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል፦

```
import numpy as np
z, wn = 0.40, 10.0
q = np.sqrt(1 - z**2)
t = np.linspace(0, 3, 300001)
e = np.exp(-z*wn*t) * np.sin(wn*q*t + np.arccos(z)) / q
print(t[np.abs(e) > 0.02][-1])
```

አሁን z የሚለውን 0.38 አድርጉትና እንደገና አሂዱት። የሚወጣው 1.05 ገደማ ነው። ζ በ 0.02 ብቻ ቀነሰ፤ ሴትሊንግ ታይሙ ከ 0.84 ወደ 1.05 ዘለለ። ቀመሩ ለዚሁ ለውጥ ከ 1.0 ወደ 1.053 ነው የሚሄደው፤ ዝላዩን ጨርሶ አያየውም።

ለምን ይዘላል? ጫፎቹን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ጫፍ ከ 1 በላይ Mp ያህል ይወጣል። ሁለተኛው ከ 1 በታች Mp² ያህል ይወርዳል። ሦስተኛው እንደገና ወደ ላይ Mp³ ነው። በ ζ = 0.4 እነዚህ 25.4፣ 6.4 እና 1.6 በመቶ ናቸው። ሦስተኛው ጫፍ ከ 2 በመቶ በታች ስለሆነ አይቆጠርም። መልሱ ከሁለተኛው ጫፍ ሲመለስ 0.98ን እንዳለፈ ነገሩ አለቀ። በ ζ = 0.38 ግን ሦስተኛው ጫፍ 2.08 በመቶ ነው። ለጥቂት ብቅ አለ። ያቺ 0.08 በመቶ ናት ሴትሊንግ ታይሙን እስከ ሦስተኛው ጫፍ ማዶ የገፋችው። ድንበሩ ζ = 0.383 አካባቢ ነው።

ከዚህ አንድ ቀላል የእጅ ስሌት ይወጣል። Mpን አስሉ። Mp፣ Mp²፣ Mp³ እያላችሁ መጀመሪያ ከ 0.02 በታች የወረደውን ፈልጉ። እሱ n-ኛው ከሆነ ሴትሊንግ ታይሙ የግድ በ (n − 1)π/ωd እና በ nπ/ωd መካከል ነው። በእኛ ምሳሌ n = 3 ነው፤ ስለዚህ ከ 0.686 እስከ 1.028 ሰከንድ መካከል። ትክክለኛው 0.841 እዚያው ውስጥ አለ። የተሰላው Mpⁿ ለ 0.02 በጣም የቀረበ ከሆነ ተጠንቀቁ። እውነተኛው ሞተር ላይ ፍሪክሽኑ ትንሽ ቢቀየር ζም ትንሽ ይቀየራል፤ ሴትሊንግ ታይሙ ግን በትልቁ ይዘላል። አንዱ ሙከራ 0.84፣ ቀጣዩ 1.05 ከሰጣችሁ መለኪያው ተበላሸ ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሦስተኛውን ጫፍ እዩት።

ጸሐፊው የትኛውን ክልል እንደሚጠቀሙም አልተናገሩም። 4/(ζωn) የ 2 በመቶ ነው። ለ 5 በመቶ 3/(ζωn) ነው የሚባለው። ዳታሺት ላይ የተጻፈን ቁጥር ከራሳችሁ ስሌት ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት ክልሉን አረጋግጡ።

«ሲስተሙ እስኪረጋጋ መጠበቅ ከሰለቻችሁ ጌይኑን ከፍ አድርጉት።»

ይህን ምክር ሰምቶ ሰርቮው ላይ ፖተንሺዮሜትሩን የጠመዘዘ ሰው የሚያገኘውን እንይ። K ብቻ ይቀየራል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

| K | ωn | ζ | ራይዝ ታይም (10–90) | ኦቨርሹት | ሴትሊንግ ታይም (2 በመቶ) |
|---|---|---|---|---|---|
| 25 | 5 | 0.8 | 0.49 ሰከንድ | 1.5 በመቶ | 0.75 ሰከንድ |
| 100 | 10 | 0.4 | 0.15 ሰከንድ | 25.4 በመቶ | 0.84 ሰከንድ |
| 400 | 20 | 0.2 | 0.06 ሰከንድ | 52.7 በመቶ | 0.98 ሰከንድ |

ጌይኑ 16 እጥፍ አደገ። ዘንጉ ወደ ዒላማው የሚደርስበት ፍጥነት 8 እጥፍ ተሻሻለ። ኦቨርሹቱ ከምንም ተነስቶ ከግማሽ በላይ ሆነ። ሴትሊንግ ታይሙ ግን አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ምክንያቱ ከመጀመሪያው የተቀመጠ ነው። የፖሎቹ ሪያል ክፍል −ζωn ነው። ይህ ሰርቮ ላይ ζωn የ 8 ግማሽ ማለትም 4 ነው፤ K ምንም ቢሆን። ኤንቨሎፑ የሚወርድበትን ፍጥነት የሚወስነው ይህ 4 ብቻ ነው። ጌይን ፖሎቹን ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋቸዋል፤ ወደ ግራ አንድ እርምጃ አያንቀሳቅሳቸውም። ስለዚህ ሲስተሙ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወዛወዛል እንጂ መወዛወዙን ቶሎ አያቆምም።

ሠንጠረዡ የደበቀው አንድ ነገርም አለ። K = 33 ላይ ζ ወደ 0.7 ይጠጋል፤ ኦቨርሹቱ 4.75 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሴትሊንግ ታይሙ 1.04 ሰከንድ። ማለትም ከ 25ም፣ ከ 100ም፣ ከ 400ም የባሰ። ባለፈው ነጥብ ያየነው ዝላይ ነው። ζ ከ 0.78 ሲበልጥ የመጀመሪያው ጫፍ ራሱ ከ 2 በመቶ በታች ስለሚሆን መልሱ አንዴ ገብቶ ይቀራል። ከዚያ በታች ሲወርድ ጫፉ ይወጣና እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ይላል።

ሴትሊንግ ታይሙን በእውነት ማሳጠር ከተፈለገ መነካት ያለበት 8 ነው። አንዱ መንገድ የዘንጉን ፍጥነት በታኮሜትር ለክቶ መመለስ ነው። የፍጥነቱ ጌይን Kt ከሆነ የተዘጋው ሉፕ s² + (8 + K·Kt)s + K ይሆናል። K = 100ን ይዘን ζ = 0.7 እንፈልጋለን እንበል። 2ζωn = 14 መሆን አለበት። 8 + 100Kt = 14፤ ስለዚህ Kt = 0.06። አሁን ωn ያው 10 ነው፤ ኦቨርሹቱ ወደ 4.6 በመቶ ወረደ፤ ሴትሊንግ ታይሙ 0.598 ሰከንድ ሆነ። ራይዝ ታይሙ ከ 0.146 ወደ 0.213 ረዘመ። የከፈልነው ይህን ነው። አሁንም የራይዝ ታይሙ መርዘም ካላስደሰተን፣ ያኔ Kን ከ Kt ጋር አብረን ከፍ ማድረግ ትርጉም ይኖረዋል። ለብቻው ግን አይደለም።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ የጸሐፊው ምክር ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ሲስተሙ ኦቨርዳምፕድ ሆኖ ዘገምተኛ ከሆነ ጌይን መጨመር ሴትሊንግ ታይሙን ያሳጥረዋል። በእኛ ሰርቮ ይህ K ከ 16 በታች ሲሆን ነው። ጽሑፉ ግን ስለ አንደርዳምፕድ ነው የሚያወራው፤ እዚያ ደግሞ እንደ አጠቃላይ ሕግ አይሠራም።

«ፖሎቹ ሁለት እስከሆኑ ድረስ ቀመሮቹን ያለ ሐሳብ ተጠቀሙባቸው።»

ፖሎቹ ሁለት መሆናቸው አይበቃም። ከላይ በኩል ማለትም ኑመሬተሩ ላይ s ያለበት ነገር መኖር የለበትም። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታኮሜትሩን ትተን ያንኑ ዳምፒንግ በፒዲ ኮንትሮለር እናምጣው። ፒዲው ስህተቱን በ (1 + 0.06s) ያባዛዋል፤ ከዚያ በ K = 100 ወደ ሞተሩ ይሄዳል። የተዘጋው ሉፕ፦

```
T(s) = (6s + 100) / (s² + 14s + 100)
```

ታችኛው ክፍል ከታኮሜትሩ ጋር አንድ ነው። ζ = 0.7፣ ωn = 10። ቀመሮቹን ያለ ሐሳብ የተጠቀመ ሰው ኦቨርሹቱ 4.6 በመቶ ነው ብሎ ይዘጋል። እውነተኛው 6.2 በመቶ ነው። ራይዝ ታይሙም 0.21 ሳይሆን 0.17 ሰከንድ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ላይኛው 6s መልሱ ላይ የራሱን ፍጥነት 0.06 እጥፍ ይደምርበታል። አዲሱ መልስ y + 0.06y′ ነው። መልሱ በሚወጣበት ጊዜ y′ ፖዘቲቭ ስለሆነ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርሳል፤ አልፎም ይሄዳል። ከግራፉ ላይም ይታወቃል። ንጹህ የሁለተኛ ደረጃ ሲስተም ከዜሮ ሲነሳ ተዳፋቱ ጠፍጣፋ ነው። ይህኛው ግን ስቴፑ በተሰጠበት ቅጽበት ወዲያው በ 6 ተዳፋት ይነሳል። የመልሳችሁ መነሻ ሹል ከሆነ የኦቨርሹት ቀመሩን ወደ ጎን አድርጉት።

እርማቱ ከባድ አይደለም። y እና y′ ሁለቱም የታወቁ ናቸው፤ ደምራችሁ ጫፉን መፈለግ ነው። በዚህ ምሳሌ ጫፉ በ π/ωd = 0.440 ሰከንድ ሳይሆን በ 0.351 ሰከንድ ነው የሚመጣው። ዜሮው ያለው −16.7 ላይ ነው፤ የፖሎቹ ሪያል ክፍል −7 ነው። ዜሮው ከዚህ ይበልጥ ወደ ግራ በራቀ ቁጥር ተጽዕኖው ይቀንሳል። 0.06 የነበረው 0.01 ቢሆን ኖሮ ዜሮው −100 ላይ ይሆንና ልዩነቱን ከግራፉ ላይ ለማየት ይቸግራል። ፒዲውን ትቶ ፍጥነቱን ከመውጫው በታኮሜትር የሚመልስ ሰው ደግሞ ላይኛው ክፍል ላይ s ስለማይኖርበት 4.6 በመቶው እንዳለ ይቆምለታል።